ሲጫኑት የማይነጣው ቀይ ቦታ፦ የአልጋ ቁስልን ቆዳው ሳይላጥ መያዝ

አልጋ ላይ የዋሉ እናታችሁን ስታጥቡ፣ ወገብ አልቆ መቀመጫ በሚጀምርበት አጥንት ላይ የሳንቲም ያህል የቀላ ወይም ከአካባቢው የጠቆረ ቦታ አያችሁ እንበል። ቆዳው አልተላጠም፤ ውኃም አልቋጠረም። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ቅባት ይቀባና፣ አሸት አሸት አድርጎ፣ በጀርባቸው መልሶ ያስተኛቸዋል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ቦታው ተከፍቶ ሲገኝ «በአንድ ሌሊት ወጣባቸው» ይባላል። በአንድ ሌሊት አልወጣም፤ ምልክቱ ቀደም ብሎ ነበር።

እዚህ የምጽፈው ስለዚያች ቦታ ብቻ ነው። እንዴት እንደምትለይ፣ በዚያው ቀን ምን እንደሚደረግ፣ ምን ደግሞ ጨርሶ እንደማይደረግ። «እናት» የምለው ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው፤ አባትም ቢሆኑ ሥራው ያው ነው።

መጀመሪያ ከቦታው ማንሣት፣ ከዚያ ማየት

ለሁለት ሰዓት በጀርባው የተኛ ማንኛውም ሰው፣ ጤነኛም ቢሆን፣ ሲገለበጥ የተጫነው ቆዳ ቀላ ብሎ ይገኛል። ተጭኖ የነበረው ሥጋ ደም ሲመለስለት የሚታይ ነገር ስለሆነ አያስደነግጥም። ስለዚህ እንዳያችሁ አትፍረዱ። እናታችሁን በጎናቸው አስተኟቸው፣ ሰዓት ያዙ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ቀለሙ ጠፍቶ ከጠበቃችሁ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ካልጠፋ ወደ ጣት ፈተናው እለፉ።

አመልካች ጣታችሁን በቀላው ቦታ መሃል ላይ አሳርፉና 3 ሰከንድ ያህል ጫን አድርጋችሁ ያዙ፤ ከዚያ ልቀቁና ዓይናችሁን ሳትነቅሉ እዩ። ጣታችሁ ያረፈበት ቦታ ለቅጽበት ነጥቶ መልሶ ከቀላ፣ ደሙ አሁንም በደም ሥሮቹ ውስጥ ነው፤ ስትጫኑት ይሸሻል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ይህም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ግን ጊዜ አላችሁ። ጭራሽ ካልነጣ ግን ከቆዳው ሥር ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ተጎድተዋል፤ ጣት ገፍቶ የሚያሸሸው ደም አይደለም። የጤና ባለሙያዎች ደረጃ አንድ የግፊት ቁስል የሚሉት ይህንን ነው። ቁስል ይባል እንጂ ቆዳው ገና ሙሉ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጉዳትም ከዚህ ካላለፈ ይመለሳል።

ጣታችሁ ራሱ ስለሚከልለው ማየት ካስቸገራችሁ፣ ግልጽ የሆነ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ክዳን አጥባችሁ ቦታው ላይ ጫን አድርጉት። ቀለሙ ሲጠፋና ሳይጠፋ በክዳኑ ውስጥ ይታያችኋል።

ቆዳችን ጠቆር ሲል መቅላቱ አይታይም

መጻሕፍቱና ፖስተሮቹ የሚያሳዩት በነጭ ቆዳ ላይ ያለ ደማቅ ቀይ ነው። እኛ ቤት ግን ከጠይም እስከ ጥቁር ያለ ቆዳ ላይ ያ ቀይ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይታይም፤ ሲጫኑትም ነጥቶ አይታይም፤ ጤነኛው ቆዳም ላይ እንዲሁ ነው። ስለዚህ የጣቱን ፈተና ብቻ ይዞ «ምንም የለም» ብሎ የሚደመድም ሰው ይሳሳታል። በእኔ ግምት ብዙዎቹ ቁስሎች የሚያመልጡን እዚህ ላይ ነው።

ለጠቆረ ቆዳ ዋናው መሣሪያ እጅ ነው። መጋረጃውን ገልጣችሁ በቀን ብርሃን አድርጉት፤ ቢጫ አምፖል ቀለም ያታልላል፣ የስልክ ፍላሽም ያንጸባርቃል። ቆዳው ላይ ቅባት ካለ ጥረጉት። አሁን የጣቶቻችሁን ጀርባ በተጠረጠረው ቦታ ላይ አሳርፉ፤ ከዚያ አራት ጣት ያህል ራቅ ብላችሁ ጤነኛው ቆዳ ላይ አሳርፉ፤ እየተመላለሳችሁ አነጻጽሩ። የተጎዳው ቦታ ከጎረቤቱ ይሞቃል፤ አንዳንዴ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ልዩነት መኖሩ ነው ቁም ነገሩ። ቀጥሎ በጣታችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። ከአካባቢው ጠጠር ብሎ ወይም በተቃራኒው አባብጦ ስርጉድ የሚል ከሆነ ምልክት ነው። ቀለሙም ቢሆን ቀይ ሳይሆን ከአካባቢው የጠቆረ፣ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ሲያዩት የሚያብለጨልጭና የተወጠረ የሚመስል ሊሆን ይችላል።

እናታችሁንም ጠይቋቸው። «እዚህ ጋ ያቃጥልዎታል? ያምዎታል?» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ቀለም ከመለወጡ በፊት ሕመም የሚቀድምበት ጊዜ አለ። መናገር የማይችሉ ከሆነ ስትነኩት ፊታቸውን እዩ። ስትሮክ ወይም የቆየ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ግን ጭራሽ ላይሰማቸው ይችላል፤ «አላመመኝም» ማለታቸው ማረጋገጫ አይሆንም።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ፤ ሽንት የሚያመልጣቸው ሰዎች ላይ የሚወጣው የዳይፐር መቆጣት። እሱ አጥንት ላይ ተወስኖ አይቀመጥም። በመቀመጫው እጥፋትና በብልት አካባቢ ሰፋ ብሎ፣ ዳሩ ሳይለይ፣ እርጥብና የሚያሳክክ ሆኖ ይገኛል። የግፊቱ ግን አጥንት ያለበት ላይ ነው፤ ዳሩም ለይቶ ይታያል። ሁለቱ አንድ ላይ ሊመጡም ይችላሉ፤ ከተጠራጠራችሁ እንደ ግፊት ቁስል ያዙት።

ስታገኙት አንድ ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። እናታችሁን አስፈቅዱ፤ ፊታቸውና ሌላው ገላቸው አይግባ። ነገ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መስኮት ብርሃን፣ ያው ሳንቲም ተቀምጦ ይነሣል። ሰፋ ወይስ ጠበበ የሚለውን ክርክር የሚዘጋው ፎቶው ነው።

የማይደረገው

አትሹት። ይህን አጥብቄ የምለው እኛ ዘንድ ለወገብም፣ ለእግርም፣ ለጎንም መጀመሪያ የሚታሰበው ማሸት ስለሆነ ነው። «ደሙ ይዘዋወርለት» ይባላል። እዚያ ቦታ ያሉት የደም ሥሮች ግን ቀድሞውኑ ተጎድተዋል፤ አጥንት ላይ ሲታሹ ይበልጥ ይቀደዳሉ። ጀርባቸውንና ትከሻቸውን ማሸት ይቻላል፤ ያችን ቦታና ዙሪያዋን ግን አይነካም።

ቀለም ያለው መድኃኒት፣ በተለይ ጂቪ፣ አትቀቡት። ያልተላጠ ቆዳ ላይ ምንም አይፈይድም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የምትከታተሉትን ቀለም ይሸፍንባችኋል። አልኮል ቆዳውን ያደርቃል። የጋለ ውኃ ያረጠበ ፎጣም፣ የሞቀ ውኃ ጠርሙስም አይሆንም፤ ስሜቱ የደከመ ቆዳ ሲቃጠል አይታወቅም።

መሃሉ ክፍት የሆነ የጎማ ቀለበት፣ ወይም አንዳንድ ቤት እንደሚደረገው የተነፋ ከመነዳሪ፣ ከመቀመጫቸው ሥር አታስገቡ። ቦታዋ ክፍቱ ላይ ስለሚያርፍ የዳነች ይመስላል፤ ዙሪያዋን የሚጫነው ጎማ ግን ወደ እሷ የሚሄደውን ደም ያንቃል፣ እብጠትም ያመጣል። ውኃ የተሞላ የጎማ ጓንት ከተረከዝ ሥር ማድረግም እንደዚሁ የቆየ ልማድ ነው፤ ግፊቱን አያነሣም።

ጎን ማስለወጥ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ዘንበል

መድኃኒቱ ግፊቱን ማንሣት ነው። የሚያዳልጠው ነገር ግን አለ። ብዙ ሰው እናቱን ከጀርባቸው አንሥቶ ቀጥ አድርጎ በጎናቸው ያስተኛቸዋል። ያኔ ሰውነታቸው በሙሉ በዳሌው ጉብታ አጥንት ላይ ያርፋል፤ እዚያ ደግሞ ሥጋው ከመቀመጫም የሳሳ ነው። የሚፈለገው በ30 ዲግሪ ዘንበል ማለት ነው፤ ክብደቱ በአንዱ የመቀመጫ ሥጋ ላይ ሲያርፍ፣ የኋላው አጥንትም የዳሌው አጥንትም ፍራሹን ሳይነኩ ይቀራሉ።

ሁለት ሰው ካለ እንዲህ ይደረጋል። ከትከሻቸው እስከ ጭናቸው የሚደርስ፣ አራት የታጠፈ አንሶላ ወይም ወፈር ያለ ነጠላ ከሥራቸው ተነጥፎ ይዋል።

1. የምታደርጉትን ንገሯቸው። «እማዬ፣ አሁን ወደ ቀኝ ዘንበል እናደርግዎታለን» ሲባሉ ሰውነታቸውን አያጠነክሩም።
2. አልጋው ወይም ትራሱ ከፍ ብሎ ከሆነ ዝቅ ይበል።
3. ግራና ቀኝ ቁማችሁ የታጠፈውን አንሶላ ወደ ሰውነታቸው ጠቅልላችሁ ያዙ። በአንድ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ዘንበል ከሚሉበት አቅጣጫ ወደ ተቃራኒው የአልጋ ጠርዝ አስጠጓቸው። አትጎትቱ፤ ማንሣት ነው። ሲጎተቱ ቆዳው ከአንሶላው ጋር ይቀራል፣ አጥንቱ ይሄዳል፤ በመሃል ያሉት የደም ሥሮች ይወጠራሉ።
4. የሩቁን ጉልበት እጠፉ፤ አንደኛችሁ ትከሻቸውንና ዳሌያቸውን ይዛችሁ አዘንብሉ፤ ሌላዋ ከትከሻ እስከ ወገብ የሚደርስ ትራስ ከጀርባቸው አስገብታ በቀስታ አስደግፉ። እጃቸውን ይዞ መሳብ የለም፤ በተለይ ስትሮክ ያደከመው ክንድ ከትከሻው ሊወልቅ ይችላል።
5. በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ትራስ አድርጉ፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እርስ በርስ አይነካኩ።
6. አሁን መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከኋላው አጥንት ሥር አሳልፉ፤ ከዚያ ከታችኛው ዳሌ ሥር። እጃችሁ በነፃነት ካለፈ ልክ ነው። አጥንት እጃችሁን ከተጫነው ትራሱን አስተካክሉ።

ስድስተኛውን የሚዘልሉት ብዙ ናቸው። ዲግሪ በዓይን መገመት ከባድ ነው፤ መዳፍ ግን ይነግራችኋል።

በየስንት ሰዓቱ? የተለመደው መልስ በየሁለት ሰዓቱ ነው፤ ለመነሻ ይሁን። ትክክለኛውን የሚነግራችሁ ግን የእናታችሁ ቆዳ ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ ጊዜ አሁን የተነሡበትን ጎን እዩ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላም የማይጠፋ መቅላት ወይም ሙቀት ካለ ሁለት ሰዓት ለእሳቸው በዝቷል፤ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል አሳንሱት። በተራ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ለቀጫጫ ሰው ሁለት ሰዓት የሚበዛበት ጊዜ አለ። ቦታዋ ላይ ደግሞ ቀለሟ እስኪመለስ፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ከሆነ ሙቀቷና ጥንካሬዋ እስኪጠፋ ድረስ አይተኛባትም። መቀመጫ አጥንት ላይ ከሆነች በጀርባ መተኛት ለጊዜው ይቅር፤ ቀኝ ዘንበል፣ ግራ ዘንበል ብቻ።

ምግብ ላይ ይህ ሕግ ከሌላ ሕግ ጋር ይጋጫል። ትራስ ከፍ ብሎ ሲቀመጡ ሰውነታቸው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ለመቀመጫ አጥንት ቆዳ ከመተኛትም ይብሳል። ለዚህ ነው ራስጌው ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ እንዳይል የሚባለው። ነገር ግን ለመዋጥ የሚቸገሩ ሰው ተኝተው ከበሉ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ያ ከቁስሉም ይከፋል። ስለዚህ ሲበሉ ቀና ይበሉ፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያው ይቆዩ፤ ከዚያ ዝቅ ይበሉ። ቀና ከማድረጋችሁ በፊት ከጭናቸው ሥር ትራስ አድርጋችሁ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርጉ፤ መንሸራተቱን የሚይዘው እሱ ነው።

ተረከዝ ለብቻው

ተረከዝ ላይ ሥጋ የለም ማለት ይቻላል፤ ቆዳና አጥንት ነው። ለስላሳ ነገር ከሥሩ ማድረግ አይበቃም፤ አየር ላይ መዋል አለበት። ትራሱን በቁመቱ ከጉልበት በታች ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ከባት ሥር አስገቡ፤ ተረከዙ ከትራሱ ጫፍ አልፎ ይንጠልጠል፤ ጉልበት ትንሽ አጠፍ ይበል። በትራሱ ጠርዝ የቁርጭምጭሚቱን ጅማት ብቻ አትደግፉት። አንድ ወረቀት በተረከዙና በፍራሹ መካከል ያለ ችግር ካለፈ ጥሩ አድርጋችኋል። ብርድ ልብሱንም ከግርጌ አታጥብቁት፤ ጣቶቹን ወደ ታች ይጫናል።

ፍራሹና ላስቲኩ

ስፖንጅ ፍራሽ አርጅቶ መሃሉ ሰምጦ እንደሆነ ለማወቅ፣ እናታችሁ ተኝተው ሳለ መዳፋችሁን በፍራሹና በአልጋው ርብራብ መካከል አስገቡና ከመቀመጫቸው ሥር አድርሱ። አጥንታቸው በስፖንጁ ውስጥ አልፎ ከተሰማችሁ ያ ፍራሽ አይሆንም፤ ሌላ ወፍራም ስፖንጅ ይደረብበት ወይም ይቀየር።

ሽንት እንዳይዘልቅ ተብሎ ፍራሹን በላስቲክ መሸፈን አለ። ላስቲኩ በቀጥታ ከቆዳ ጋር ወይም በአንድ ስስ አንሶላ ብቻ ሲሆን ላብ ያጠራቅማል፤ የረጠበ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ይላጣል። ላስቲክ ግድ ከሆነ ከመቀመጫቸው ሥር ብቻ ይሁን፤ ከላዩ ላብ የሚመጥ የጥጥ አንሶላ ይነጠፍ፤ አንሶላው ሳይጨማደድ ይወጠር። ፍርፋሪና የዳይፐር ስፌት የሚያደርሱትንም ጉዳት አትናቁ።

የበግ አጎዛ ካላችሁ፣ ፀጉሩ ወፍራም፣ ቆዳውም ያልደረቀ ከሆነ፣ ላብ ይመጥጣል፣ ፍትጊያም ይቀንሳል። የደረቀና የተኮማተረ አጎዛ ግን ከጣውላ አይሻልም። የረጠበ አጎዛም ወዲያው ይነሣ።

ከውጭ ያሉ ልጆች የአየር ፍራሽ በሻንጣ ይዘው ይመጣሉ፤ ጥሩ ነገር ነው። ሦስት ነገር ግን ይታወቅ። ከላዩ አንድ ስስ አንሶላ ብቻ ይነጠፋል፤ ብርድ ልብስና ጋቢ ከተደራረበበት ጥቅሙ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ይተነፍሳሉ፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ፍራሽ አታንሡ፤ ሌሊት መብራት ከሄደ የሚነሣ ሰው ይኑር። ጎን ማስለወጡም አይቀርም፤ ሰዓቱ ሊራዘም ይችላል እንጂ።

ማጠብና መቀባት

ይህ አጭር ነው። ለብ ባለ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙና በጥቂቱ፤ በፎጣ መታ መታ እያሉ ማድረቅ እንጂ መፈግፈግ የለም። ሽንት ወይም ሰገራ የሚነካው ቦታ ከደረቀ በኋላ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት በስሱ ይቀባል፤ እርጥበቱን ከቆዳው ይከላከላል። ግፊት ያመጣውን ጉዳት ግን ምንም ቅባት አያነሣም። ዳይፐር እርጥብ ሆኖ እስከ ለውጥ ሰዓት አይጠበቅም። ፖፖ ሲጠቀሙም ከፍ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ገፍታችሁ አታስገቡ፤ ረስታችሁም አትተዉት።

አንድ ቤት እንዴት ተሠራ

የ76 ዓመት እናት ናቸው፤ 52 ኪሎ ገደማ፤ ስትሮክ የግራ ጎናቸውን አድክሞታል። ሴት ልጃቸውና የቤት ሠራተኛዋ ይንከባከቧቸዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲታጠቡ ከመቀመጫው በላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠቆር ያለ ቦታ ተገኘ። እናትየው ጠይም ስለሆኑ ልጅቱ ስለ ቀለሙ እርግጠኛ አልሆነችም፤ በእጇ ጀርባ ስትነካው ግን ከጎኑ ይሞቅ ነበር፤ ሲዳበስም ጠጠር ይላል። በቀኝ አስተኝታ 1፡30 ላይ ስታየው ያው ነው። ፎቶ አነሣች።

ሰንጠረዥ ወረቀት ላይ ጻፉና ከአልጋው በላይ ለጠፉት። የጤነኛው የቀኝ ጎን ተራ ሁለት ሰዓት፣ ስሜቱ የደከመው የግራ ጎን አንድ ሰዓት ተኩል። ግራቸው ስለማይሰማቸው እዚያ ላይ ቢጫናቸው አይናገሩም፤ ለዚህ ነው ያሳጠሩት። በጀርባ መተኛት ተከለከለ። ለምግብ ቀና ይላሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዝቅ። ሌሊት ከ3 ሰዓት ጀምሮ በየሦስት ሰዓቱ ለማድረግ ሞከሩ፤ በመጀመሪያው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የቀኝ ዳሌያቸው ቀልቶ ግማሽ ሰዓት ቆይቶም አልጠፋ አለ። መዳፍ ሲያሳልፉ ትራሱ ሸሽቶ ቀጥ ብለው በጎናቸው ተኝተው ኖሯል። ትራሱን በሁለት ቀየሩ፤ ሌሊቱንም ወደ ሁለት ሰዓት መለሱት፤ ልጅቱና ወንድሟ ሌሊቱን ለሁለት ተካፈሉ።

በሁለተኛው ቀን ቦታዋ በስፋት ያው ናት፤ ሙቀቷ ግን ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን ጠርዟ ላላ፤ መሃሏ እንደጠጠረ ነው። በዚያው ቀን ያላሰቡት ተገኘ፤ ቀኝ ተረከዛቸው ላይ አዲስ የጠቆረ ቦታ። በደህናው እግራቸው ፍራሹን እየገፉ ወደ ላይ ከፍ ለማለት ሲታገሉ ኖሯል። ስትሮክ ያለበት ሰው ደህናው ተረከዝ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ሁሉም የሚያየው ደግሞ የደከመውን እግር ነው። ባቱን በትራስ አነሡት፤ ወደ ታች እንዳይንሸራተቱም ከጭናቸው ሥር ትራስ ጨመሩ፤ መግፋቱ ያን ጊዜ ቆመ።

በአምስተኛው ቀን የመቀመጫው ቦታ እንደ አካባቢው ሙቀት ሆነ፤ ጥንካሬውም ጠፋ። ጠቆር ያለው ቀለም ግን አለ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይህ ጥላ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ሙቀቱ፣ ጥንካሬውና ሕመሙ ከሄዱ ቦታዋ አርፋለች ማለት ነው። በጀርባ መተኛትን መጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት መለሱት፤ ከዚያ አይተው ወደ አንድ ሰዓት።

ምግባቸውም ተስተካከለ። ቆዳ የሚታደሰው በፕሮቲን ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ይመከራል፤ ለ52 ኪሎ ከ65 እስከ 78 ግራም ይሆናል። ሦስት እንቁላል፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት፣ አንድ ጊዜ ወፈር ያለ ሽሮ፣ አንድ ጊዜ መዳፍ የሚሞላ የበሰለ ሥጋ ወይም ዶሮ ተከፋፍሎ በቀን ሲሰጥ ይደርሳል። ኩላሊታቸው የታመመ ከሆነ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይጨመርም። እኚህ እናት ጾም አላፈርስም ብለው ነበር። የንስሐ አባታቸው ቤት መጥተው «ለታመመ አይገደድም» ሲሏቸው ነው እንቁላሉን የተቀበሉት፤ ልጅቱ ስትለምናቸው ግን አልሰሟትም ነበር።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው

በደንብ እያስለወጣችሁ በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ካልተሻለው፣ ወይም ከሰፋ። ቆዳው ከተላጠ፣ ውኃ ከቋጠረ፣ ፈሳሽ ካወጣ። ሙቀቱና እብጠቱ ከቦታው አልፎ ዙሪያውን ከያዘ፣ ከሸተተ፣ ትኩሳት ወይም አዲስ መቃዠት ከመጣ በዚያው ቀን። ስኳር ያለባቸው ወይም የእግራቸው ደም ዝውውር የደከመ ሰው ተረከዛቸው ላይ ምልክት ከታየ፣ ቆዳው ሙሉ ቢሆንም አትጠብቁ።

ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ሰማያዊ የሆነ፣ እንደ በለዘ ቦታ የሚመስል ነገር ለብቻው ይታያል። ጉዳቱ ከውስጥ፣ አጥንቱ አጠገብ ካለው ሥጋ ጀምሮ ወደ ላይ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ በቆዳ ላይ የሚታየውም ግፊቱ ከደረሰ ከ48 እስከ 72 ሰዓት በኋላ ነው። ቆዳው ሙሉ ቢሆንም ደረጃ አንድ ነው ብላችሁ አትያዙት፤ በፍጥነት ሊከፈት ይችላል። ሲጠይቋችሁም ዛሬ ስለተደረገው ብቻ አትናገሩ፤ ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት የት ውለው ነበር? ሆስፒታል ወረፋ ላይ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር? በመኪና ረጅም መንገድ ሄደው ነበር? ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ነበሩ? ይህን፣ የየቀኑን ፎቶና ከአልጋው በላይ የለጠፋችሁትን ሰንጠረዥ ይዛችሁ ሂዱ። በመኪናውም ውስጥ በዚያች ቦታ ላይ አታስቀምጧቸው፤ የኋላ ወንበር ላይ በትራስ ዘንበል አድርጋችሁ ውሰዷቸው።